ከባሌስትራ የተሠራ መሮ፦ አረብ ብረት በሙቀት እንዴት ይለሰልሳል፣ ይጠጥራል፣ ይጸናል

የብረት መሮ አንድ ዘንግ ቢሆንም ሦስት የተለያየ ጠባይ ይጠየቃል። ስለቱ ሌላ ብረት እየቆረጠ እንዳይዶለዱም ጠጣር መሆን አለበት። ወገቡ የመዶሻውን ምት ተሸክሞ እንዳይሰበር ጽናት ያስፈልገዋል። መዶሻ የሚያርፍበት ራሱ ደግሞ ለስላሳ ካልሆነ ተፈንጥሮ የሠራተኛ ዓይን ያጠፋል። ሦስቱም ጠባዮች የሚገኙት ከአንድ ቁራጭ አረብ ብረት ነው፤ ምንም ሳይጨመርበት፣ ምንም ሳይቀነስበት። የሚለያያቸው ብረቱ ምን ያህል እንደሞቀና በምን ፍጥነት እንደቀዘቀዘ ብቻ ነው።

በመርካቶ ምናለሽ ተራ ዕድሜውን የጨረሰ የመኪና ብረት መልሶ ዕቃ ይሆናል። ከዚህ ሁሉ ውድቅዳቂ መካከል ለመሮ፣ ለመጥረቢያና ለቢላዋ የሚመች አንድ ብረት አለ፤ የከባድ መኪና ባሌስትራ። ባሌስትራ የሚሠራበት አረብ ብረት ብዙውን ጊዜ በክብደቱ ከ0.5 እስከ 0.6 በመቶ ገደማ ካርቦን አለው፤ በዚያ ላይ እንደ ፋብሪካው ጥቂት ክሮሚየም፣ ማንጋኒዝ ወይም ሲሊኮን ይገባበታል። የቤት ፌሮ ግን ካርቦኑ አነስተኛ ስለሆነ የፈለገውን ያህል ቢሞቅና ቢነከር ስለት የሚይዝ መሮ አይወጣውም። ስለዚህ የሥራው ግማሽ ብረቱን መምረጥ ነው።

0.6 በመቶ ትንሽ ይመስላል፤ በአንድ ኪሎ ብረት ውስጥ 6 ግራም ካርቦን ማለት ነው። ነገር ግን የካርቦን አተም ከብረት አተም በጣም ቀላል ስለሆነ በቁጥር ሲታሰብ ከ36 አተሞች አንዱ ካርቦን ይሆናል። የአረብ ብረት ጠባይ በሙሉ የሚወሰነው ይህ አንድ አተም የት እንደተቀመጠ ነው።

በቀዝቃዛ ብረት ውስጥ የብረት አተሞች የተደረደሩበት መንገድ ለካርቦን ቦታ የለውም ማለት ይቻላል። ይህ ፌራይት የሚባለው አደራደር ካርቦንን የሚቀበለው ቢበዛ 0.02 በመቶ ነው። የቀረው ካርቦን ከብረት ጋር ተዋህዶ ሴመንታይት የተባለ በጣም ጠጣር ነገር ይሠራል። ብረቱ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ፌራይትና ሴመንታይት በስስ ንጣፍ በንጣፍ ይደራረባሉ፤ ይህ ድርርብ ፐርላይት ይባላል። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶርቢ በሼፊልድ ከተማ በ1860ዎቹ የተወለወለና በአሲድ የተነካ አረብ ብረት በማይክሮስኮፕ ሲመለከት ካያቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነበር፤ ፐርላይት የተባለውም እንደ ዕንቁ ስለሚያብረቀርቅ ነው።

ሙቀቱ ከ727 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ አደራደሩ ይለወጣል። አዲሱ አደራደር ኦስተናይት ይባላል፤ በመካከሉ ሰፋ ያሉ ክፍተቶች ስላሉት ካርቦኑን ውጦ በሁሉም ቦታ እኩል ያሰራጨዋል። ብረቱ ሳይቀልጥ፣ ጠጣር እንደሆነ፣ ስኳር በሻይ ውስጥ እንደሚሟሟ ካርቦኑ ይሟሟል። ለባሌስትራ ብረት ይህ ለውጥ ተሟልቶ እንዲያልቅ 830 ዲግሪ አካባቢ ማድረስ ይበቃል። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነገር ሁሉ የማቀዝቀዝ ጉዳይ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ማለስለስ ነው፤ በፋብሪካዎችና በቴክኒክ ትምህርት ቤቶች አኒሊንግ ይሉታል። ባሌስትራ ከመኪና ሲወርድ ገና የፋብሪካው ጥንካሬ ስላለበት ሴጌቶ ጥርሱን ይጨርሳል እንጂ በቀላሉ አይገባበትም። ባለሙያው ቁራጩን ከሰል ውስጥ ከትቶ ወናፉን እየነፋ ከጥቁር ቀይ ወደ ብርሃናማ ቀይ ያደርሰዋል። ይህን ጊዜ በሽቦ የታሰረ ማግኔት ቢያስጠጋበት አይስበውም፤ ብረት 770 ዲግሪ አካባቢ የመሳብ ጠባዩን ያጣልና። ፒሮሜትር በሌለበት ቦታ ከማግኔት የተሻለ ምስክር የለም። ማግኔቱ መሳብ ካቆመ በኋላ ጥቂት ጨመር አድርጎ ያሞቀውና በጉጠት አንሥቶ በደረቅ አመድ በተሞላ ጣሳ ውስጥ ይቀብረዋል። አመዱ ሙቀት አያሳልፍም፤ ብረቱ ለረጅም ሰዓት ቀስ እያለ ይቀዘቅዛል። አመዱ እርጥብ ከሆነ ግን ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ቁራጩ ትንሽ ከሆነ ብቻውን ሙቀቱን ቶሎ ስለሚያጣ፣ ሌላ የጋለ ወፍራም ብረት አብሮት ይቀበራል።

በዝግታ ሲቀዘቅዝ ካርቦኑ ከኦስተናይት ወጥቶ የሴመንታይት ንጣፎችን ለመሥራት ሰፊ ጊዜ ያገኛል። ንጣፎቹ ወፍራም፣ የተራራቁ ይሆናሉ፤ ብረቱም ይለሰልሳል። አሁን ሞረድ ሲያርፍበት ይነክሳል፣ ሴጌቶም ይቆርጠዋል። ከባሌስትራው 2 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 20 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቁራጭ ይወጣል፤ ውፍረቱ የባሌስትራው የራሱ ነው፣ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ። አንድ ጫፉ በመስፍ ላይ ተቀጥቅጦ ይሳሳል፣ ከዚያም በሞረድ የመሮ መልክ ይይዛል። የስለቱ ጎኖች የሚሠሩት ማዕዘን ለብረት መቁረጫ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ነው። ከዚያ ካነሰ ስለቱ ቀጭን ስለሚሆን ምንም ያህል በደንብ ቢነከር ይሸረፋል።

መሮው ከመነከሩ በፊት አንድ ምርመራ አለ፤ ብዙዎች ይዘሉታል፣ መዝለል ግን አይገባም። ባሌስትራ በመንገድ ላይ ለዓመታት እየታጠፈ የኖረ ብረት ነው። በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሊኖርበት ይችላል፤ ያ ስንጥቅ ሲነከር ይከፈታል። ማወቂያው ቀላል ነው። የተሞረደው ብረት ነጭ ጋዝ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ይቀመጥና በጨርቅ ደረቅ አድርጎ ተወልውሎ በጠመኔ ይቀባል። ስንጥቅ ካለ የገባው ጋዝ ተመልሶ ይወጣና በነጩ ጠመኔ ላይ ጥቁር መስመር ይሥላል። መስመር ያለበት ቁራጭ ይጣላል፤ በእሳትና በመዶሻ አይድንም።

ቅጥቀጣው የብረቱን ቅንጣቶች አተልቆ ስለሚተው፣ ከመንከሩ አስቀድሞ መሮው በሙሉ አንድ ጊዜ ማግኔት እስከማይስበው ድረስ ሞቆ በአየር ላይ ብቻ እንዲቀዘቅዝ ይደረጋል። በአየር የቀዘቀዘ ብረት በአመድ ከቀዘቀዘው ጠንከር ይላል፤ ቅንጣቶቹም ይደቅቃሉ። ወገቡና ራሱ በዚህ ሁኔታ ይቆያሉ።

ቀጥሎ መንከር ይመጣል። ከስለቱ ወደ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ቀስ ብሎ ይሞቃል። ቀስ ማለቱ ያስፈልጋል፤ ሳሳ ያለው ጫፍ ወፍራሙን ቀድሞ ስለሚግል ከሰሉ መሐል ተትቶ ከተረሳ ይቃጠላል። ከ830 ዲግሪ እጅግ ያለፈ ብረት ቅንጣቶቹ ያድጋሉ፤ ያደጉ ቅንጣቶች ያሉት መሮ ጠጣርነቱ ጥሩ ቢሆንም በትንሽ ምት ይሰበራል። ሙቀቱን በቀለም ለመገመት ሥራው በጥላ ቦታ መሠራት አለበት፤ በጠራራ ፀሐይ ቀይ የማይመስል ብረት በጨለማ ክፍል ውስጥ ፍም ሆኖ ይታያልና።

ሙቀቱ ሲደርስ መሮው ቀጥ ብሎ በስለቱ በኩል ዘይት ውስጥ ይገባል። በዚህ ቅጽበት በውስጡ የሚሆነው ከዝግታው ተቃራኒ ነው። ካርቦኑ ወጥቶ ሴመንታይት ለመሥራት ጊዜ ይፈልጋል፤ ለዚህ ከሁሉ የሚመቸው ሙቀት 550 ዲግሪ አካባቢ ነው። ብረቱ ያን አካባቢ በፍጥነት ካለፈ ካርቦኑ መውጫ ያጣል። ሙቀቱ ከ300 ዲግሪ በታች ሲወርድ የብረት አተሞቹ ወደ ቀድሞ አደራደራቸው ለመመለስ ይገደዳሉ፤ ካርቦኑ ግን በመካከላቸው ታስሮ ስለቀረ አደራደሩ ይወጠራል፣ ይጣመማል። ይህ የተወጠረ ብረት በጀርመናዊው የብረት ተመራማሪ በአዶልፍ ማርተንስ ስም ማርተንሳይት ተብሏል። ውጥረቱ አተሞች አንዱ በሌላው ላይ እንዳይንሸራተቱ ስለሚከለክል ብረቱ መስታወት እስከመቧጨር ይጠጥራል። ያው ውጥረት ግን ምት ሲመጣ ብረቱ ትንሽ እንኳ እንዳይለመጥ ስለሚያግደው፣ መለመጥ ያቃተው ነገር ይሰበራል።

ባሌስትራ በውኃ ሳይሆን በዘይት የሚነከርበት ምክንያት አለው። ንጹሕ የካርቦን ብረት ያንን 550 ዲግሪ በአንድ ሰከንድ ገደማ ማለፍ ስላለበት ውኃ የግድ ነው። በባሌስትራ ውስጥ ያሉት ክሮሚየምና ማንጋኒዝ ግን የካርቦኑን መውጣት ያዘገዩታል፤ ስለዚህ ዘይት የሚሰጠው ፍጥነት ይበቃል። ውኃ ከሚበቃው በላይ ያፈጥናል፤ ጉዳቱም እዚህ ላይ ነው። ማርተንሳይት ሲፈጠር ብረቱ ይሰፋል። ውጪው ቀድሞ ቀዝቅዞ ማርተንሳይት ሆኖ ከደረቀ በኋላ መሐሉ ዘግይቶ ሲሰፋ ውጪውን ከውስጥ ይገፋዋል፤ ያ ውጪ ደግሞ ከእንግዲህ አይለመጥም። ቀጭ የሚል ድምፅ ከባልዲው ይሰማል፤ መሮው ሲወጣ ከስለቱ ወደ ወገቡ የሚሄድ ስንጥቅ ይታይበታል። ሹል ማዕዘን፣ በሞረድ የቀረ ጥልቅ ጭረት ወይም በቁጥር ማኅተም የተመታ ቦታ ለስንጥቁ መነሻ ይሆናል።

ዘይቱም ቢሆን አያያዝ ይፈልጋል። የጋለ ብረት ወደ ፈሳሽ ሲገባ መጀመሪያ በእንፋሎት ይሸፈናል፤ እንፋሎቱ እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ ማቀዝቀዙን ያዘገያል። መሮውን ወደ ላይና ወደ ታች ማንቀሳቀስ ያንን ሽፋን ይበጥሰዋል፤ ወደ ጎን ማወዛወዝ ግን አንዱን ገጽ ቀድሞ ስለሚያቀዘቅዝ መሮውን ያጣምማል። ዘይቱ 50 ዲግሪ ገደማ ለብ ቢል ስለሚቀጥን የተሻለ ያቀዘቅዛል። ብዙ ቦታ የሚሠራበት የተቃጠለ የሞተር ዘይት ብረቱን ያጠጥራል፤ ጭሱ ግን ለሳንባ መርዝ ስለሆነ ንጹሕ የምግብ ዘይት ይሻላል። የጋለው ክፍል በሙሉ መስጠም አለበት፤ ግማሹ ዘይት ውስጥ ግማሹ ከላይ ከሆነ ዘይቱ በገጹ ላይ ይቀጣጠላል። ዕቃው የብረት ሆኖ ክዳኑ በእጅ አጠገብ መገኘት አለበት፤ በሚነድ ዘይት ላይ ውኃ ማፍሰስ እሳቱን ይበትነዋል።

መንከሩ ተሳክቶ እንደሆነ ሞረድ ይናገራል። በስለቱ ላይ ሲገፋ በመስታወት ላይ እንደሄደ ሁሉ ከተንሸራተተ ማርተንሳይት ተገኝቷል። ከነከሰ ወይ ሙቀቱ አልደረሰም፣ ወይ ማቀዝቀዙ ዘግይቷል፣ ወይ ደግሞ እሳቱ የላይኛውን ገጽ ካርቦን በልቶታል። የመጨረሻውን ለመለየት ጥቂት ሞርዶ እንደገና መሞከር ይበቃል፤ ከስሱ ለስላሳ ገጽ በታች ጠጣሩ ከተገኘ ጥፋቱ የገጹ ብቻ ነው።

ላብራቶሪ ያለው ሰው በሞረድ ፈንታ የሮክዌል መለኪያ ይጠቀማል። ይህን መለኪያ የፈጠሩት ሂውና ስታንሊ ሮክዌል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ናቸው፤ ኮኔቲከት ውስጥ ባለ የኩሽኔታ ፋብሪካ ሲሠሩ ያስቸገራቸው ጉዳይ የነከሩት ብረት ጠጣርነቱ አንድ ዓይነት መሆኑን ቶሎ ማወቅ ነበር። በሮክዌል ሲ መለኪያ የሾለ አልማዝ መጀመሪያ በ10 ኪሎ፣ ከዚያ በ150 ኪሎ ክብደት ብረቱ ላይ ይጫናል፤ የሰረገደው ጥልቀት ይለካል። እያንዳንዱ ነጥብ 0.002 ሚሊ ሜትር ነው። ተነክሮ ገና የወጣ የባሌስትራ ብረት 60 አካባቢ ይሰጣል። በአመድ የለሰለሰው ቁራጭ ከ20 በታች ስለሚሆን በዚህ መለኪያ በአግባቡ አይነበብም። በ60 እና በ50 መካከል ያለው የጥልቀት ልዩነት 0.02 ሚሊ ሜትር ብቻ መሆኑ ያስደንቃል፤ የመሮ ዕድሜና ሞት የሚለየው ግን በዚያ ውስጥ ነው።

ስብራትን የመቋቋም አቅም በሌላ መንገድ ይለካል። ፈረንሳዊው ዦርዥ ሻርፒ ባስተዋወቀው ዘዴ 10 በ10 ሚሊ ሜትር የሆነ ቁራጭ ብረት መሐሉ ላይ 2 ሚሊ ሜትር ተሰርጉዶ ከተሰቀለ ከባድ መዶሻ ፊት ይቀመጣል። መዶሻው ተለቅቆ ብረቱን ሰብሮ ያልፋል፤ ካለፈ በኋላ የወጣበት ከፍታ ባነሰ ቁጥር ብረቱ ብዙ ጉልበት ጠጥቷል ማለት ነው። ተነክሮ ብቻ የተተወ ብረት እዚህ ላይ ያፍራል፤ መዶሻው ያልነካው ያህል ያልፈዋል። በወርክሾፕ ውስጥ ለዚህ የሚቀርበው ምስክር የስብራቱ ገጽ ነው። የሙከራ ቁራጭ ተነክሮ ሲሰበር ገጹ ግራጫና ልሙጥ፣ እንደ ደቃቅ አሸዋ ከሆነ ቅንጣቶቹ ደቃቅ ናቸው። እንደ ጨው ቅንጣት ካብለጨለጨ ሙቀቱ በዝቶበታል፤ መልሶ መጀመር ይሻላል።

ስለዚህ የተነከረ መሮ ገና መሮ አይደለም። ሦስተኛው ሥራ ቴምፐሪንግ ነው፤ የተነከረውን ብረት ዝቅ ባለ ሙቀት መልሶ ማሞቅ። ለነገ መባል የለበትም። በውስጡ ያለው ውጥረት እዚያው ጠረጴዛ ላይ እንዳለ፣ ማንም ሳይነካው ሊሰነጥቀው ይችላል። እጅ የማያቃጥል ደረጃ ላይ እንደደረሰ ወደ ሙቀቱ ይመለሳል።

ሲሞቅ የታሰሩት የካርቦን አተሞች ጥቂት በጥቂት ይፈታሉ፤ እጅግ ደቃቅ የካርባይድ ጠብታዎች ሆነው ይወጣሉ፤ የተወጠረው አደራደርም ይላላል። ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ብዙ ካርቦን ይወጣል፣ ጠጣርነቱም ይቀንሳል። በ200 ዲግሪ አንድ ሰዓት የቆየ የባሌስትራ ብረት 58 አካባቢ ይይዛል፤ በ300 ዲግሪ 55 አካባቢ ይደርሳል፤ በ500 ዲግሪ ወደ 40ዎቹ መጀመሪያ ይወርዳል። ባሌስትራው ራሱ በመኪና ላይ ሳለ የሚሠራው ከ40 እስከ 48 ባለው ጠጣርነት ነው፤ መለመጥና መመለስ እንጂ መቁረጥ ሥራው ስላልሆነ።

ባለሙያው ሙቀቱን የሚያነበው በቀለም ነው። የመሮውን ጎን በድንጋይ ወይም በአሸዋ ወረቀት አሽቶ እንደ መስታወት ያበራዋል፤ ዘይት እንዳይቀርበት በደንብ ይጠርገዋል። ከዚያ ወገቡን በጋዝ ነበልባል ያሞቃል ወይም በጋለ ወፍራም ብረት ላይ ያሳርፋል። ሙቀቱ ከወገቡ ወደ ስለቱ ሲጓዝ ቀለማት ተከታትለው ይሮጣሉ፤ ፊት ፊት የሚሄደው የገለባ ቢጫ ነው፣ 220 ዲግሪ ገደማ። በኋላው ቡናማ፣ 255 አካባቢ፤ ቀጥሎ ወይን ጠጅ፣ 280 አካባቢ፤ ከዚያ ሰማያዊ፣ 300 አካባቢ፤ በመጨረሻ ሰማያዊው ደብዝዞ ግራጫ ይሆናል። ቀለሙ ከብረቱ ውስጥ አይመጣም። በገጹ ላይ የሚፈጠር ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ነው፤ ሽፋኑ በወፈረ ቁጥር የሚመልሰው ብርሃን ይለወጣል። በዚህም ምክንያት ቀለም ፍጹም ዳኛ አይደለም። በዝቅተኛ ሙቀት ብዙ ሰዓት የቆየ ብረት ለአፍታ ከሞቀው የባሰ ይጠቁራል፤ ክሮሚየም ያለበት ብረት ደግሞ ከሌለበት ዘግይቶ ቀለም ይይዛል። ቴርሞሜትር ያለው ምድጃ ከተገኘ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት በ250 ዲግሪ ማቆየት ከቀለሙ ሩጫ ይልቅ ያስተማምናል።

በመሮው ላይ ቡናማው ወደ ወይን ጠጅ መለወጥ ሲጀምርና ያ ቀለም ስለቱ ላይ ሲደርስ ሥራው በዚያች ቅጽበት መቆም አለበት። መሮው ዘይት ውስጥ ይነከራል፤ ይህ ሁለተኛ መንከር አያጠጥርም፣ ከወገቡ የሚመጣውን ሙቀት ማቋረጥ ብቻ ነው። ዘግይቶ ሰማያዊው ስለቱን ካለፈ ማስተካከያ የለውም፤ ከማሞቅና ከመንከር እንደገና ይጀመራል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። ጠጣርነት በቀነሰ ቁጥር ስብራትን መቋቋም ሁልጊዜ ይጨምራል ተብሎ ይታሰባል፤ እውነት የሚሆነው ግን በአብዛኛው ብቻ ነው። በባሌስትራ ዓይነት ብረት ከ250 እስከ 370 ዲግሪ ባለው መካከል የሻርፒ መዶሻ የሚያሳየው ጉድጓድ አለ፤ ብረቱ እየለሰለሰ ሳለ ይበልጥ ተሰባሪ ይሆናል። በዚህ ሙቀት ስስ የሴመንታይት ገበታዎች በማርተንሳይቱ ዘንጎች መካከል ይዘረጋሉ፤ በቅንጣቶች ወሰን ላይ የተሰበሰበ ፎስፎረስ ካለ ደግሞ ያባብሰዋል። ገበታዎቹ ለስንጥቅ የተጠረገ መንገድ ይሆኑለታል። ስለዚህ ለስለት ከዚህ በታች ወይም በዚህ ጠርዝ ላይ መቆም፣ ምት ለሚሸከም ክፍል ደግሞ ከ400 ዲግሪ በላይ ማለፍ ይሻላል። ተነክሮ በሙሉ የጠጠረ መጥረቢያ ወይም ረጅም ቢላዋ ጀርባው በሰማያዊ ቀለም ላይ ቢቀር ባለቤቱ ጸንቶልኛል ሲል ሊከዳው ይችላል። በዚህ መሮ ላይ ችግሩ የከፋ ያልሆነው ማርተንሳይት የሆነው የታችኛው ክፍል ብቻ ስለሆነ ነው፤ ወገቡ በአየር የቀዘቀዘ ፐርላይት ነው፣ ሰማያዊው ሰንበርም በጠባብ ወፍራም ቦታ ላይ ያርፋል።

የተጠናቀቀው መሮ የሚፈተነው በሚቆርጠው ነው። በመስፍ ላይ የተጋደመ ተራ የፌሮ ዘንግ ላይ ስለቱ ተደግፎ ደጋግሞ ይመታል። ከዚያ ስለቱ በብርሃን ይታያል። መስመሩ ታጥፎ ወይም ተጨፍልቆ ብልጭ ካለ ለስልሷል፤ ቴምፐሪንጉ አልፏል ወይም መንከሩ አልተሟላም። በጥርስ በጥርስ ተሸርፎ ከሆነ ጠጥሯል፤ ተወልውሎ በ20 ወይም 30 ዲግሪ ከፍ ባለ ሙቀት ቴምፐሪንጉን መድገም ይበቃዋል፣ አዲስ መንከር አያስፈልገውም። ሽርፋቱ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ግን ቴምፐሪንግ አያድነውም፤ ጥፋቱ ያደገው ቅንጣት ነውና ወደ አየር ማቀዝቀዙ ተመልሶ ከዚያ መጀመር አለበት። ስለቱ ሳይነካ ዘንጉ ለሁለት ከተከፈለ ሥራው ተሳክቷል።

መሮው ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ሙቀት ሌላ አደጋ ይሆንበታል። ስለቱ በግራይንደር ሲሳል ጫፉ ሰማያዊ ከሆነ ያ ቦታ በሰከንዶች ውስጥ 300 ዲግሪ ደርሶ ጠጣርነቱን አጥቷል። በየጊዜው ውኃ እያስነኩ መሳል፣ ሰማያዊ የሆነውንም ክፍል ቀስ ብሎ አሽቶ ማስወገድ ያሻል። ራሱ ደግሞ በምት ብዛት እንደ እንጉዳይ ይዘረጋል፤ የተዘረጋው ጠርዝ ከመፈንጠሩ በፊት በሞረድ ይስተካከላል። ራሱን ለማጽናት ብሎ የሚነክር ሰው መዶሻውም መሮውም ጠጣር ሆነው እንዲጋጩ ያደርጋል፤ ከሁለቱ የሚፈነጠረው ስባሪ ልብስ በስቶ ሥጋ ይገባል። በመሮ ላይ ከስለቱ በኩል ካለው 5 ሴንቲ ሜትር በቀር ሌላው ክፍል በእሳት ግሎ ከዘይት ጋር መገናኘት የለበትም።